ከኋላው ምን ነበር?

ከሦስት ሳምንት በፊት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በውስጥ መስመር የሰባት ሰከንድ ቪዲዮ ላከልኝ። የሠርግ ቪዲዮ ነው፤ ከአራት ዓመት በፊት ራሱ የቀረጸው። «ጋሼ፣ ሙሽራው ከሚዜው ጋር በገንዘብ ተጣልቶ አሁን ዓይኑን ማየት አይፈልግም። ከቪዲዮው አውጣልኝ ብሎኛል። አሁን ባለው ሶፍትዌር የአንድ ማታ ሥራ ነው አይደል?» ይላል።

«ሰውየውን ማውጣቱ አዎ፣ የአንድ ማታ ሥራ ነው። የቆመበትን ቦታ በምን እንደምትሞላው ግን እስቲ አይተህ ንገረኝ» አልኩት። ከዚያ በኋላ የሆነውን እመለስበታለሁ። ይህን ጽሑፍ የጀመርኩት ለእሱ መልስ ልጽፍ ብዬ ነበር። እየረዘመ ሲሄድ ክፍል ውስጥ አብራችሁኝ ለነበራችሁትም ይሁን አልኩ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከፎቶ ላይ ሰው ማጥፋት የቆየ ሥራ ነው። ስታሊን በሞስኮ ቦይ ዳር ሲሄድ የተነሳውን ፎቶ ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል። ከጎኑ የምስጢር ፖሊሱ አለቃ ኒኮላይ ዬዦቭ ነበረ። ዬዦቭ ከሥልጣን ወደቀ፣ በ1940 ተረሸነ፣ ከፎቶውም ወጣ። የቆመበት ቦታ በቦዩ ውሃ ተሞላ። ለዚያ ሥራ አንድ ጥሩ እጅና ብሩሽ ይበቃል፤ ምክንያቱም ፎቶው አንድ ነው። ፊልም ግን በሰከንድ 24 ፎቶ ነው። ያንኑ ውሃ ሃያ አራት ጊዜ ብትቀባው፣ እጅህ ምንም ያህል የሠለጠነ ቢሆን ሃያ አራቱ ሥዕሎች አንድ አይሆኑም። ሲጫወት ውሃው ይንቀጠቀጣል፣ ልክ እንደሚፈላ ድስት። የሙያው ሰዎች ራሳቸው «ይፈላል» ነው የሚሉት። የዚህ ሥራ ታሪክ ሲጠቃለል ከዚህ መፍላት ጋር የተደረገ ግብግብ ነው ብል ብዙም አላጋነንኩም።

ሮቶስኮፕ የሚለው ስም የመጣው ከማክስ ፍላይሸር ነው። ሰውየው የካርቱን ሠሪ ነው፤ በ1915 የባለቤትነት ማመልከቻ አስገባ፣ በ1917 ተፈቀደለት። መሣሪያው ቀላል ነው። የተቀረጸ ፊልም በፕሮጀክተር አንድ አንድ ፍሬም እየቆመ ከመስታወት ሥር ይበራል፤ ሠዓሊው በመስታወቱ ላይ ወረቀት አስቀምጦ መስመሩን ይከተላል። ወንድሙ ዴቭ የአሻንጉሊት ልብስ የመሰለ የቀልደኛ ልብስ ለብሶ ተቀረጸ፤ ከእሱ እንቅስቃሴ ኮኮ የሚባለው የካርቱን ቀልደኛ ተወለደ። ልብ በሉ፣ ፍላይሸር ማንንም ከምንም ላይ ሊያጠፋ አልፈለገም። የሰውን እንቅስቃሴ ወደ ሥዕል ሊገለብጥ ነው የፈለገው። ነገር ግን ሰውየውን በመስመር ከበህ ካወጣኸው፣ የመስመሩን ውስጥ ጥቁር፣ ውጩን ነጭ ብትቀባው፣ ይሄው ጭንብል አገኘህ ማለት ነው። በኋላ የፊልም ማታለያ ሠሪዎች መሣሪያውን ለዚህ ወሰዱት፤ ስሙም አብሮ ሄደ። ዛሬ «ሮቶ ሥራ» ስንል ካርቱን ማለታችን አይደለም፤ ቆርጦ ማውጣት ማለታችን ነው።

ክፍል ውስጥ ሁልጊዜ የማነሳው ፊልም ግን የ1933ቱ «የማይታየው ሰው» ነው። ዳይሬክተሩ ጄምስ ዌል፣ የማታለያው ኃላፊ ጆን ፉልተን። ታሪኩ ባዶ ልብስ ይዞ የሚራመድ ሰው ይፈልጋል፦ ሸሚዝ አለ፣ ሱሪ አለ፣ ጭንቅላትና እጅ የለም። ኮምፒውተር የለም፣ ግሪን ስክሪን የለም። እንዴት ሠሩት?

ፉልተን መጀመሪያ ክፍሉንና ሌሎቹን ተዋንያን እንደ ወትሮው ቀረጸ፤ የማይታየው ሰው በሌለበት። ይህ አንደኛው ፊልም ነው። ከዚያ ሙሉ በሙሉ በጥቁር ከፋይ የተሸፈነ ሌላ ቦታ አዘጋጀ። ተዋናዩን ከእግር እስከ ራሱ ጥቁር ከፋይ አለበሰው፤ እጁ ላይ ጓንት፣ ራሱ ላይ የጠላቂ ዓይነት መሸፈኛ። የትዕይንቱን ልብስ ከላይ ደረበለት። ጥቁር በጥቁር ላይ አይታይም፤ ስለዚህ ይኼኛው ፊልም ላይ የተቀረጸው ልብሱ ብቻ ነው። ከልብሱ ፊልም ደግሞ ሁለት ጭንብሎች ይወጣሉ፦ አንዱ የልብሱን ቦታ የሚደፍን፣ ሌላው ከልብሱ ውጭ ያለውን የሚደፍን። በመጀመሪያው ጭንብል ክፍሉ ይታተማል፤ የልብሱ ቦታ ሳይነካ ይቀራል። በሁለተኛው ጭንብል ያ ያልተነካ ቦታ በልብሱ ይሞላል።

አስቸጋሪው ነገር ተዋናዩ ነበር። አየር የሚያገኘው በቱቦ ነው፤ የአየሩ ድምፅ ጆሮውን ስለሚደፍነው የዳይሬክተሩን ትእዛዝ በቅጡ አይሰማም። ለማየት ደግሞ የዓይን ቀዳዳ ያስፈልገዋል፤ ቀዳዳው ፊልሙ ላይ ይወጣል። እነዚህ ሁሉ እንከኖች በብሩሽና በቀለም ፍሬም በፍሬም በእጅ ተደፈኑ። ፉልተን ራሱ በኋላ እንደጻፈው በእጅ የተነካው ፊልም ወደ 4,000 ጫማ ይደርሳል። በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም አንድ ጫማ 16 ፍሬም ነው፤ ማለትም ወደ 64,000 ፍሬም። ይህን በሰከንድ 24 ብታካፍሉት 44 ደቂቃ ይወጣል። (ተደጋጋሚ ቀረጻዎቹ ስለተካተቱበት ነው እንጂ ፊልሙ ላይ ያን ያህል ማታለያ የለም።)

ተማሪዎቼን የማስጨርሳቸው ጥያቄ ይህ ነበር፦ ፉልተን ከጭንቅላቱ ኋላ ያለውን ግድግዳ ከየት አመጣው? መልሱ ከየትም አላመጣውም ነው። ቀርጾት ነበር። አስቀድሞ፣ ሰውየው ሳይኖር። ዛሬ ክሊን ፕሌት የምንለው ይህ ነው። 64,000 ፍሬም በእጅ ሲነካኩ ቢከርሙም ከኋላ የሚታየው ግድግዳ እውነተኛው ግድግዳ ነው፤ ማንም አልገመተውም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ረጅም ዘመን በፍጥነት ልለፈው፤ ምክንያቱም አብዛኛው ስለ መቁረጥ ነው። ሰማያዊ ስክሪን፣ ኋላም አረንጓዴ፣ ፔትሮ ቭላሆስ በ1950ዎቹ መጨረሻ ያሻሻለው የቀለም ልዩነት ዘዴ፣ ሁሉም አንድ ሐሳብ ነው፦ መቁረጡን ከቀረጻ በፊት ማቅለል። ከኋላው ቀለም ከለየኸው ማሽኑ ራሱ ይለይልሃል። ስክሪን ያልነበረበት ቀረጻ ግን እንደ ድሮው በእጅ ይቆረጣል፤ እስካሁንም።

በእጅ ሮቶ የሠራ ሰው ሁለት ነገር ይማራል። አንደኛ፣ ሰውን በአንድ መስመር አትከበውም። ራስ ለብቻ፣ ክንድ ለብቻ፣ ከክርን በታች ለብቻ፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ በራሱ መገጣጠሚያ ነው የሚዞረው። በየፍሬሙም አትስልም። እንቅስቃሴው አቅጣጫ የሚቀይርበትን ፍሬም ፈልገህ እዚያ ታስቀምጣለህ፤ መሐሉን ኮምፒውተሩ ያገናኘዋል፤ የሳተውን ብቻ ታርማለህ። ነጥብ ባበዛህ ቁጥር ጠርዙ ይፈላል። ሁለተኛው ትምህርት ከባድ ነው፦ ጠርዝ መስመር አይደለም። በፍጥነት የሚወዛወዝ እጅ፣ በነፋስ የሚነሳ ጸጉር፣ የሙሽራ ቬሎ፣ ጠርዛቸው ላይ ያለው እያንዳንዱ ፒክስል ግማሹ እጅ፣ ግማሹ ከኋላ ያለው ዛፍ ነው። ሁለቱ ቀለሞች ተቀላቅለው አንድ ሆነዋል። ስንቱ ከእጁ፣ ስንቱ ከዛፉ እንደሆነ ከዚያ ፒክስል ብቻ ተነስቶ ማወቅ አይቻልም። ጸጉር ሲቆረጥ ዙሪያውን የድሮው ግድግዳ ቀለም እንደ ብርሃን ከቦት የምታዩት ለዚህ ነው። በ2010 አፍተር ኢፌክትስ ውስጥ የገባው ሮቶ ብራሽ፣ ከዚያ ወዲህም የመጡት ራሳቸው ሰው ለይተው የሚቆርጡ መሣሪያዎች የሰዓታትን ሥራ ወደ ደቂቃ አውርደውታል። ቬሎ ላይ ሲደርሱ ግን ሁሉም ያንገራግራሉ።

መቁረጡ እንዲህ ከቀለለ ጥያቄው ወደ ጉድጓዱ ይዞራል። የተቆረጠው ሰው የተወው ጉድጓድ በምን ይሞላል?

በ1994ቱ «ፎረስት ጋምፕ» ላይ ጋሪ ሲኒዝ የሚጫወተው ሻለቃ... ይቅርታ፣ የመቶ አለቃ ዳን፣ ሁለት እግሩን በጦርነት ያጣል። ሲኒዝ እግሩን በሰማያዊ ጨርቅ ጠቅልሎ ተጫወተ፤ ከዚያ በኮምፒውተር ተነሳለት። ሰማያዊው ለመቁረጥ ረዳ፤ ከእግሩ ኋላ ያለው አልጋና ወለል ግን ከሌላ ቦታ መምጣት ነበረበት። ዘዴው የፉልተን ነው፤ መሣሪያው ብቻ ተቀየረ።

በ2000 ግን ሌላ ነገር መጣ። ማርሴሎ በርታልሚዮ፣ ጊየርሞ ሳፒሮና ባልደረቦቻቸው «ኢንፔይንቲንግ» የሚል ወረቀት አወጡ። ቃሉን የወሰዱት ከድሮ ሥዕል ጠጋኞች ነው። የተሰነጠቀ ሥዕል የሚጠግን ሰው ስንጥቁ ዳር ደርሶ የተቋረጠውን መስመር ወደ ውስጥ ይቀጥለዋል፤ ቀለሙንም ከዳር ወደ መሐል ያስገባል። እነሱ ይህንን ለኮምፒውተር አስተማሩት። ጭረት፣ ቀጭን ሽቦ፣ ፎቶ ላይ የታተመ ጽሑፍ ላይ ግሩም ነው። ሰፊ ጉድጓድ ላይ ግን ጭጋግ ይሆናል፤ ከዳር የመጣው ቀለም መሐል ሲደርስ መልኩን ያጣል። የሣርን ቅጠል በዳር መስመር አትቀጥለውም።

ለዚህ የመጣው መልስ መስረቅ ነው። ከዚያው ምስል ሌላ ቦታ ተመሳሳይ ቁራጭ ፈልገህ ገልብጠህ ትለጥፋለህ፤ ሣር ከሣር፣ ጡብ ከጡብ። በ2004 ዮናታን ዌክስለር፣ ኤሊ ሼክትማንና ሚካል ኢራኒ ይህንን ለቪዲዮ አደረጉት፤ ለኔ የታሪኩ መታጠፊያ እዚህ ነው። ቪዲዮን የፎቶዎች ሰልፍ አድርገው አላዩትም። ፍሬሞቹን እንደ ደብተር ገጾች ደራርበው እንደ አንድ ጡብ አዩት፤ ቁመት፣ ወርድ፣ እና ጊዜ። ከጡቡ ውስጥ ትንንሽ ኪዩብ እየቆረጡ ጉድጓዱን ሞሉ። ኪዩቡ ጊዜን ስለያዘ እንቅስቃሴውም አብሮ ይመጣል፤ ያ መፍላት የሚሉት ነገር በጣም ቀነሰ። በ2019 ኮንቴንት አዌር ፊል የተባለው መሣሪያ አፍተር ኢፌክትስ ውስጥ ሲገባ ደግሞ የማንኛውም ሠርግ ኤዲተር እጅ ደረሰ።

እዚህ ጋ ቆም ብለን አንድ ነገር እንለይ። ማሽኑ ጉድጓዱን ሲሞላ ቁሳቁሱን ከሦስት ቦታ በአንዱ ነው የሚያመጣው። ካሜራው ወይም ሰውየው ከተንቀሳቀሰ፣ አሁን የተሸፈነው አጥር ከአንድ ሰከንድ በኋላ ይገለጣል፤ ማሽኑ የዚያን ሰዓቱን አጥር ወደ ኋላ ይዞ ይመጣል። ይህ እውነተኛው አጥር ነው፤ የፉልተን ግድግዳ ማለት ነው። አጥሩ ፈጽሞ ካልተገለጠ ከጎኑ ያለውን አጥር ይገለብጣል፤ ይህ ግምት ነው፣ ግን የሚመስል ግምት። የሚገለበጥ ነገርም ከሌለ በብዙ ሚሊዮን ምስል የሠለጠኑት የዛሬዎቹ ሞዴሎች እንዲህ ዓይነት ቦታ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ምን እንደሚኖር አስበው ይሠሩታል። ውጤቱ ላይ ግን ሦስቱም አንድ ዓይነት ፒክስል ናቸው። የቱ የታየ፣ የቱ የተገመተ፣ የቱ የተፈጠረ እንደሆነ የሚል ምልክት የለበትም።

በ2019 «ጌም ኦፍ ትሮንስ» ላይ ጠረጴዛ ላይ የተረሳችውን የቡና ኩባያ ታስታውሳላችሁ? በቀናት ውስጥ ጠፋች። የማትንቀሳቀስ ትንሽ ዕቃ፣ ጨለምለም ያለ ቦታ፤ ቀላል ሥራ ነው። ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ግን «ጀስቲስ ሊግ» ላይ የሄንሪ ካቪል ጺም ነበረ። ለሌላ ፊልም ያሳደገውን ጺም ሳይላጭ ድጋሚ ቀረጻ ገባ፤ ጺሙ በኮምፒውተር ይነሳ ተባለ። ያን ሁሉ በጀት ይዘው የላይኛው ከንፈሩ ሕዝብ መሳቂያ ሆነ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ከጺሙ ሥር ያለው ከንፈር በዚያ ቀረጻ አንድም ፍሬም ላይ አልታየም፤ ሲናገር ይንቀሳቀሳል፤ ደግሞም ፊት ነው። ሣር ቢሳሳት ማንም አያውቅም። ፊት በፀጉር ስፋት ቢሳሳት ሕፃን ልጅ ያውቃል።

አሁን ወደ ተማሪዬ።

ሰባት ሰከንድ በ25 ፍሬም፣ 175 ፍሬም ነው። ካሜራው ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ ብሎ ይሄዳል። ሚዜው ከሙሽራው ጎን ቆሟል፣ ከኋላው መጀመሪያ ዛፍና አጥር፣ ከዚያ የድንኳን ጨርቅ፣ በመጨረሻ የተቀመጡ ዘመዶች ይመጣሉ። ልጁ ሚዜውን ቆረጠ፣ ጭንብሉን ጥቂት ፒክስል አሰፋው፣ ሞላው፣ በማግስቱ «ጋሼ ተሳካ!» ብሎ ላከልኝ።

እውነትም ሲጫወት ያምራል። ግን እንዲህ ዓይነት ሥራ በስልክ አንዴ አይቶ አይፈረድም። ትልቅ ስክሪን ላይ አድርጌ ደጋግሜ አስኬድኩት፤ ከዚያ ፍሬም በፍሬም። ዛፉና አጥሩ እንከን የላቸውም፤ ካሜራው ስለሄደ ሁለቱም በኋላ ተገልጠዋል። የድንኳኑ ጨርቅ ትንሽ ይዋኛል፤ ካሜራው ሲሄድ እሱ ከድንኳኑ ጋር ሳይሆን ከስክሪኑ ጋር የተጣበቀ ይመስላል። የተሞላው ቦታ ደግሞ ከዙሪያው ይልቅ ለስለስ ያለ ነው፤ የካሜራው ብናኝ የለበትም። ይህ ይታረማል፤ ብናኝ ይጨመርበታል። ሣሩ ላይ ግን ባለቤት የሌለው ጥላ ቀርቷል። በሙሽራው ትከሻ ላይ ደግሞ አራት ጣት። ሚዜው እጁን ትከሻው ላይ አድርጎ ነበር፤ ጭንብሉ ክንዱን አወጣ፣ ጣቶቹን ግን የሙሽራው አካል አድርጎ ተዋቸው። ጥላና ንክኪ ሁልጊዜ የሚረሱ ናቸው፤ ሰውን ስታወጣ ዓለም ላይ የተወውን ምልክት ሁሉ አብረህ ማውጣት አለብህ።

እነዚህንም ቢሆን ልጁ ማረም ይችል ነበር። ያስደነገጠኝ ከ110ኛው ፍሬም ጀምሮ ያለው ነው። እዚያ ሚዜው የሙሽሪትን አባት ግማሽ ፊት ይሸፍናል፤ እስከ መጨረሻውም አይገለጡም። የግራ ዓይናቸውና ጉንጫቸው በዚያ ቀረጻ አንድም ጊዜ አልታየም። ማሽኑ ግን ሞልቶታል። ዓይን አለ፣ ጉንጭ አለ፣ ቆዳው ልክ ነው፣ ብርሃኑ ልክ ነው። ሽማግሌ ናቸው፤ ግን ሌላ ሽማግሌ።

«አባትየውን ታውቃቸዋለህ?» አልኩት።

«ባለፈው ዓመት አርፈዋል ጋሼ።»

ሙሽራው ቪዲዮውን ቀድሞ ቤት ወስዶት ነበር። የሙሽሪት እናት ከሁሉም ጋር ቁጭ ብለው ሲያዩ ሚዜው መውጣቱን እንኳ አላስተዋሉም አሉ። «እዚህ ጋ የተቀመጡት ማናቸው?» ነው ያሉት።

ልጁ ከሌላ ቀረጻ የአባትየውን ፊት ወስዶ ሊተክል አሰበ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ድንኳን ውስጥ የተነሱ ጥሩ ምስል አላቸው። ግን ብርሃኑ ከሌላ አቅጣጫ ነው፣ እዚያ እየሳቁ ነው፣ እዚህ እያዳመጡ። እኔ ተው አልኩት። ጥሩ ኤዲተር እዚህ ላይ መቀስ ነው የሚያነሳው፦ ቀረጻው 105ኛው ፍሬም ላይ ይቆረጣል፤ አራት ሰከንድ ከትንሽ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ያለው በሁለተኛው ካሜራ ይሸፈናል፤ እሱ ላይ ሙሽሮቹ ብቻ ናቸው ያሉት። ጣቶቹንና ጥላውን በእጅ አጸዳ፣ ድንኳኑ ላይ ብናኝ ጨመረ፤ ጠቅላላ ሁለት ቀን ፈጀበት። ሙሽራው ተቀብሎ ከፈለ።

ትናንት ማታ ልጁ እንደገና ጻፈልኝ። የሙሽሪት እናት ደውለውለታል። የድሮውን፣ ያልተነካውን ሰባት ሰከንድ በፍላሽ አድርግልኝ አሉት፤ ሚዜው እንዳለ።